ባሕር ዳር–ጢስ ዓባይ ስንት ያስከፍላል? ስለ ሚኒባስ ታሪፍ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መናኸሪያ ውስጥ የምሰማቸውን ጥያቄዎች ከቀላሉ ጀምሬ ወደ አከራካሪው እሄዳለሁ፤ ምሳሌዬ ወደ 30 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የባሕር ዳር–ጢስ ዓባይ መስመር ነው።

ታሪፍ ማለት ኪሎ ሜትሩን በአንድ ዋጋ ማባዛት አይደለም እንዴ?

ወረቀቱ ላይ እንደዚያ ነው። በከተሞች መካከል የሚሠራ መኪና ታሪፉ የሚወጣው በትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሲሆን መለኪያውም «በአንድ ሰው፣ በአንድ ኪሎ ሜትር» የሚል ነው። አስፋልትና ጠጠር ለየብቻ ዋጋ ይወጣላቸዋል። ከዚያ በኋላ ማባዛት ብቻ ይመስላል።

ነገር ግን መኪና ገንዘብ የሚበላው ሲሄድ ብቻ አይደለም፤ ቆሞም ይበላል። ጎንደር ወደ 180 ኪሎ ሜትር ነው፤ የጢስ ዓባይ ስድስት እጥፍ። ሰው ሞልቶ ለመውጣት የሚወስደው ጊዜ ግን ስድስት እጥፍ አይሆንም፤ ለሁለቱም ያው ነው። የጢስ ዓባይ መኪና በቀን ሦስት ጊዜ ተሰልፎ ሦስት ጊዜ ይጠብቃል፤ የጎንደሩ አንዴ ሞልቶ ከወጣ ብዙ ሰዓት ሲሠራ ይውላል። ስለዚህ አጭር መስመር በኪሎ ሜትር ሲታይ ውድ ቢሆን ስርቆት ነው ማለት አይደለም። «ጎንደር በኪሎ ሜትር ይህን ያህል ከሆነ ጢስ ዓባይ ለምን በለጠ» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው።

ወጪው ውስጥ ምን ምን ይገባል?

ሦስት ክምር አድርጋችሁ ያዙት። አንደኛው ነዳጅ ነው። ሁለተኛው መኪናው በሄደ ቁጥር የሚያልቀው ነገር ሁሉ ነው፦ ጎማ፣ ዘይት፣ የፍሬን ሸራ፣ ባሌስትራ። ሦስተኛው መኪናው ቢሄድም ባይሄድም ቀኑን ጠብቆ የሚመጣ ነው፦ የባለቤቱ ገቢ፣ የሹፌርና የረዳት አበል፣ የማኅበርና የመናኸሪያ ክፍያ፣ ኢንሹራንስና ቦሎ በቀን ተካፍሎ።

አሁን በቁጥር እንየው። የምጠቀምባቸው ዋጋዎች ለስሌት የመረጥኳቸው ናቸው፤ የራሳችሁን ተክታችሁ አስሉ። 12 ተሳፋሪ የሚጭን የናፍጣ ሚኒባስ ይዘናል፣ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ሊትሩ 130 ብር ነው እንበል። ደርሶ መልሱ 60 ኪሎ ሜትር ስለሆነ 6 ሊትር፣ 780 ብር። ለጎማና ለጥገና በኪሎ ሜትር 6 ብር ብንይዝ 360 ብር። የቀኑ ቋሚ ወጪ በድምሩ 2,400 ብር ከሆነና በቀን ሦስት ደርሶ መልስ ከሠራን ለአንዱ ዙር 800 ብር ይደርሰዋል። ጠቅላላው 1,940 ብር ነው። ከዚህ በታች የማነሳው ሁሉ ከዚህ ቁጥር ነው የሚነሳው።

መኪናዬ በሊትር ስንት እንደምትሄድ በምን አውቃለሁ?

ሹፌሩን አትጠይቁ፤ ለሹፌር ሁሉ የራሱ መኪና ነዳጅ ቆጣቢ ነች። ሳልቫትዮዋን አፍ እስከ አፉ ሙሉ፣ ኪሎ ሜትሩን መዝግቡ፣ ሁለት ሦስት ቀን እንደወትሮው ሥሩ፣ ከዚያ እዚያው ማደያ ተመልሳችሁ እንደገና አፍ እስከ አፉ ሙሉ። በሁለተኛው የገባው ሊትር የበላችው ነው። የሄደችውን ኪሎ ሜትር ለእሱ አካፍሉ። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ከተበላሸ (የብዙዎቻችን ተበላሽቷል) የዙሩን ቁጥር በ60 አባዙ።

አንድ ጥንቃቄ፦ ባዶ ስትመለስ የለካችሁትን ለሙሉ ጭነት አትጠቀሙበት። 12 ሰው ከነሻንጣው ሲሳፈር፣ ፖርቶ መጋላው ላይም ሁለት ሦስት ኩንታል እህል ሲወጣ፣ መኪናው ከቶን በላይ ተሸክሟል ማለት ነው። ልዩነቱ ዳገት ላይና ቆሞ በመነሳት ላይ ይታያል። ለዚህ ነው ልኬቱ ሙሉውንም ባዶውንም የቀላቀለ የብዙ ቀን ሥራ ላይ መሆን ያለበት።

1,940 ብሩን ለስንት ሰው ላካፍል? ወንበሩ 12 ነው፤ ደርሶ መልስ 24 አይሆንም?

የታሪፍ ጠቡ ሁሉ ያለው እዚህ ነው፤ ነዳጁ ላይ አይደለም። ወንበር መቁጠርና የከፈለ ሰው መቁጠር ይለያያሉ። 24 ሰው ብላችሁ ብታካፍሉ ዋጋው 81 ብር ይመጣል። ይህ ግን በሄደም በመጣም ሁሌ ሙሉ የሆነ መኪና ዋጋ ነው፤ እንዲህ ያለ መኪና በጢስ ዓባይ መስመር አላየሁም። ባዶውን ይመለሳል ብላችሁ በ12 ብታካፍሉ ደግሞ 162 ብር ይሆናል። አንዱ ሹፌሩን ይገድላል፣ ሌላው ተሳፋሪውን። እውነቱ መሃል ላይ ነው፣ መሃሉን የሚያውቀው ደግሞ ደብተር ነው።

ረዳት ሆኜ ስሠራ የነበረኝ ደብተር በአንድ ገጽ ሁለት መስመር ነበረው፦ «ሄደ» እና «ተመለሰ»። ሄደ 12፣ ተመለሰ 4። ሄደ 12፣ ተመለሰ 7። ሄደ 11፣ ተመለሰ 3። ሁለት ሳምንት ቅዳሜን ጨምራችሁ እንዲህ ብትጽፉ አማካዩ ይወጣል። ሲሄድ 12፣ ሲመለስ 5 ወጣላችሁ እንበል። የከፈለው ሰው 17 ነው። 1,940 ለ17 ሲካፈል 114 ብር። ከ81 እስከ 114 ያለው 33 ብር የባዶ መመለሻው ዋጋ ነው፤ ማንም ደረሰኝ ላይ አይጽፈውም እንጂ በየቀኑ ይከፈላል።

የመሃል መንገድ ተሳፋሪ ከተቆጠረ በከፈለው ልክ ይቆጠር። ግማሽ መንገድ ሄዶ ግማሽ የከፈለ ግማሽ ሰው ነው። እንደ ሙሉ ሰው ከጻፋችሁት ደብተሩ ይዋሻችኋል።

እኔ ጢስ ዓባይ ሄጄ ወረድኩ። መኪናው ባዶ የተመለሰበትን ለምን እከፍላለሁ?

መኪናው ነገ ጠዋት እንደገና ባሕር ዳር ቆሞ እንዲጠብቃችሁ ስለምትፈልጉ ነው። ሄዶ የማይመለስ መኪና ለእናንተ አንድ ጊዜ ብቻ ያገለግላል። መመለሻው የጉዞው ግማሽ ነው፤ የሚጭነው ሰው ካላገኘ ወጪው የሄደው ሰው ላይ ይወድቃል።

ግን ይህ መልስ ለሁሉም መስመር እኩል አይሠራም። ጢስ ዓባይ መኪናው ያው ወደ መጣበት ተመልሶ የሚወጣበት ቦታ ነው፤ የሚመለስ ሰው የሚገኘው ከዚያው ከከተማውና ከአካባቢው ገጠር ወይም ፏፏቴውን አይቶ ከሚመለስ እንግዳ ብቻ ነው። ሐሙሲት ግን በጎንደር መንገድ ላይ ናት። ከወረታና ከዚያ ወዲያ የሚመጣ ሰው በፊቷ ያልፋል፤ ባዶ የሚመለስ የሐሙሲት ሚኒባስ መንገድ ላይ እጅ የሚያነሳ አያጣም። በኪሎ ሜትር ሁለቱ ተቀራራቢ ቢሆኑም የሐሙሲቱ መኪና «ባዶ ነው የምመለሰው» ብሎ የጢስ ዓባይን ያህል ከጨመረ ደብተሩን አምጣ በሉት።

ነዳጅ 20 በመቶ ሲጨምር ታሪፉም 20 በመቶ ይጨምር?

አይጨምርም። ነዳጅ ከወጪው አንዱ ክምር ነው። በምሳሌያችን 780 ብር ከ1,940 ሲታይ 40 በመቶ ገደማ ነው። ሊትሩ ከ130 ወደ 156 ብር ቢወጣ በዙር 6 ሊትር ላይ የሚጨመረው 156 ብር ነው። ጠቅላላው 2,096 ይሆናል፣ ለ17 ሰው 123 ብር። ስለዚህ 114 የነበረው 9 ብር ቢጨምር ተገቢ ነው። «ነዳጅ በ20 ጨመረ» ብሎ 137 የሚጠይቅ ሰው 14 ብሩን ከኪሳችሁ ነው የወሰደው።

ለሹፌሩም ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፦ ጎማና ዘይት ነዳጁ በጨመረ ሳምንት ባይጨምሩም ወራት ቆይተው ይከተላሉ። ያኔ እንደገና ማስላት ነው እንጂ አስቀድሞ መውሰድ አይደለም። በተቃራኒውም፣ የነዳጁ ዋጋ በመንግሥት ተወስኖ በአንድ ሌሊት ሲለወጥ አዲሱ ታሪፍ እስኪወጣ ድረስ ጭማሪውን የሚሸከመው መኪናው ነው። መናኸሪያ ውስጥ ጭቅጭቁ የሚበዛው በእነዚያ ቀናት ነው።

ነዳጅ በኦፊሴል ዋጋ እየቀዳ ለምን «አልቻልኩም» ይላል?

ሰልፉን ቁጠሩለት። በቴሌብር ከፍሎ በተተመነው ዋጋ ይቀዳል፣ ልክ ነው። ግን ማደያ በር ላይ ቆሞ የሚውልበት ቀን የቀኑን 2,400 ብር ወጪ ይዞ ነው የሚሄደው።

ከአራት ቀን አንዱን ሰልፍ ላይ ዋለ እንበል። የአራት ቀን ቋሚ ወጪ 9,600 ብር ነው፤ የሠራው ግን ሦስት ቀን፣ ዘጠኝ ዙር። ለአንድ ዙር 800 የነበረው 1,067 ይሆናል። በዙር 267 ብር፣ በሰው ወደ 16 ብር ጨመረ። ከላይ ካየነው የ20 በመቶ የነዳጅ ጭማሪ ጋር አነጻጽሩት፤ ያኛው 9 ብር ነበር። ሰልፉ ከጭማሪው ይበልጣል። በጄሪካን ከሚሸጥ ሰው በውድ ዋጋ የሚገዛው ሹፌር ሁሉ ሕግ መጣስ አምሮት አይደለም፤ በሚገዛው ሊትር ሁሉ ላይ የሚከፍለውን ልዩነት ከአንድ የጠፋ ቀን ጋር መዝኖ ነው። ሕገ ወጥ መሆኑ፣ ከውኃ ወይም ከሌላ ነገር የተቀላቀለ ነዳጅ ሞተር ላይ የሚያደርሰውም ጉዳት፣ እንዳለ ሆኖ።

እንዳትታለሉ ደግሞ፦ ሰልፍ ያልጠበቀ፣ ሌሊት ቀድቶ ያደረም ይህን ምክንያት ይናገራል። ሰልፉ መኖሩን ለማወቅ መናኸሪያው አጠገብ ያለውን ማደያ ማየት ብቻ ይበቃል።

ትርፍ ከጫነ ዋጋው መቀነስ አልነበረበትም?

በስሌት አዎ፣ በተግባር ግን ትርፍ ሰው የሚጫነው ዋጋ ለመቀነስ አይደለም። ብዙ ጊዜ ትርፍ የታሪፍ ስህተት ምልክት ነው። ታሪፉ የወጣው 24 ወንበር ተቆጥሮ በ81 ብር ነው እንበል። መኪናው የሚያገኘው ከ17 ሰው 1,377 ብር ነው፤ ወጪው 1,940። 563 ብር ጎደለው። ይህን በ81 ስታካፍሉት ሰባት ሰው ይመጣል። ሲሄድ አራት፣ ሲመለስ ሦስት «ጠጋ ጠጋ በሉ» ማለት ነው። ረዳቱ ይህን ስሌት በወረቀት ሠርቶት አያውቅም፤ ማታ ለባለቤቱ ገቢ ሲያስረክብ ግን በደንብ ያውቀዋል።

የትርፉ ዋጋ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። የኋላው ባሌስትራ ይተኛል፣ ጎማው በጎኑ ይበላል፣ ፍሬኑ ቁልቁለት ላይ ይሞቃል። ጠጠር መንገድ ላይ በሙሉ ጭነት የምትሄድ ሚኒባስ ከኋላ ስትታይ ጎማዎቿ ከላይ ወደ ውስጥ ካዘነበሉ ትርፍ የለመደች ናት። እንዲህ ያለችው ውስጥ አልገባም፣ ብቻዬን ብሆንም። ትራፊክ ሲይዝ የሚከፈለው ቅጣት ደግሞ የሳምንት ትርፍ ይዞ ይሄዳል።

ቅዳሜ ገበያ ነው ብለው የሚጨምሩት ልክ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። የባሕር ዳር ትልቁ ገበያ ቅዳሜ ነው። ጠዋት ከጢስ ዓባይ የሚመጣው መኪና ዶሮውን፣ እህሉን፣ ሰውን ይዞ ጢም ብሎ ይገባል፤ ሊያመጣቸው ሲሄድ ግን ባዶውን ነው። ከሰዓት በኋላ ይገለበጣል። ረዳቱ «ባዶ ነው የሄድኩት» ሲል እውነቱን ነው። ግን ማክሰኞም ባዶ ይመለሳል! ቅዳሜ አቅጣጫው ተገለበጠ እንጂ በዙር የሚከፍለው ሰው ያው 17 አካባቢ ነው። እንዲያውም ቅዳሜ መኪናው በአሥር ደቂቃ ሞልቶ ስለሚወጣ አራተኛ ዙር ይጨምራል፤ ያኔ ቋሚ ወጪው በዙር ከ800 ወደ 600 ይወርዳል።

ለጭነት የሚጠይቁት ሌላ ጉዳይ ነው። ፖርቶ መጋላ ላይ የወጣ ኩንታል ከአንድ ሰው ይከብዳል፤ ለብቻው ቢከፈልበት አልከራከርም።

ጥምቀት ላይ ወደ ጎንደር እጥፍ ሲጠይቁስ?

እዚህ ላይ እውነትም አለ፣ ልክም አለው። ጥር 9 እና 10 ሰው ሁሉ ወደ ጎንደር ነው፤ የሚመለስ የለም። ከጥር 12 ጀምሮ ደግሞ ይገለበጣል። በመደበኛ ቀን ሲሄድ 12፣ ሲመለስ 10 የሚጭን መኪና ቢሆንና በዓሉ ላይ ፍጹም ባዶ ቢመለስ ወጪውን ከ22 ይልቅ 12 ሰው ይሸከማል። 22 ለ12 ሲካፈል 1.83 ነው። ይህ ጣሪያው ነው፤ አንድም ሰው ሳይጭን ሲመለስ ማለት ነው። ሁለት ሰው ቢያገኝ 1.57 ይሆናል።

በቀላሉ ያዙት፦ የባዶ መመለሻ ምክንያት ዋጋን ቢበዛ እጥፍ ያደርጋል፣ እሱም ድሮ በሁለቱም አቅጣጫ ሙሉ ለነበረ መኪና ብቻ። ከእጥፍ በላይ የጠየቀ ሰው የሚያስከፍለው ነዳጅም ባዶ መመለሻም አይደለም፤ የእናንተን መቸኮል ነው። ከሕጋዊው ታሪፍ ውጭ መሆኑም መረሳት የለበትም፣ ስሌቱ ቢያስረዳውም አይፈቅድለትም።

ሙሉ መኪናውን ኮንትራት ብይዝ ስንት ይገባል?

ወንበር አትቁጠሩ፤ ኪሎ ሜትርና ሰዓት ቁጠሩ። ፏፏቴውን አይቶ ለመመለስ ነዳጁና ጥገናው 1,140 ብር ነው። የቀኑን 2,400 በአሥር የሥራ ሰዓት ስታካፍሉት ሰዓቱ 240 ብር ይመጣል። ደርሶ መልሱና ቆይታው አራት ሰዓት ቢወስድ 960። ድምሩ 2,100 ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው የመደራደሪያ ትርፍ ነው። ለፎቶ አንድ ሰዓት ብትጨምሩ የሚጨመረው 240 ነው እንጂ የመኪናው ግማሽ ዋጋ አይደለም።

ጢስ ዓባይ ላይ ሁለት ሰው ብቻ ይዣለሁ። ልጠብቅ ወይስ ልመለስ?

አንድ ሰው 114 ብር ያመጣል፣ አንድ ሰዓት መቆም 240 ብር ይበላል። ስለዚህ በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ሰው የማይመጣ ከሆነ መቆሙ ኪሳራ ነው። ይህ ግን ለመጨረሻው ዙር አይሠራም፤ ማታ ከተመለስክ በኋላ ሌላ ሥራ ስለሌለህ ሰዓትህ ርካሽ ነው፣ ጨለማው እስካልደረሰ ጠብቅ።

ትልቁ ስህተት የሚሠራው ሁለተኛው ዙር ላይ ነው። አንድ ቀን ከ6 ሰዓት ጀምረን «አንድ ሰው፣ አንድ ሰው» እያልን ቆመን 7 ሰዓት ተኩል ላይ በስድስት ሰው ተነሳን። ጋሼ፣ ሹፌሩ፣ ደስ ብሎት ነበር፤ ከሁለት ወደ ስድስት አድርሰናል። ባሕር ዳር ስንደርስ ከፊታችን አራት መኪና ተሰልፏል፣ ተራችን ሲደርስ 10 ሰዓት አልፏል፣ ሦስተኛው ዙር ቀረ። አንድ ዙር ከነዳጁና ከጥገናው ተርፎ ለቋሚ ወጪው የሚያስገባው 800 ብር ነው፤ ያም ሰባት ሰው ነው። አራት ሰው ለማግኘት ሰባት ሰው ከፈልን። ከዚያ ወዲህ በሁለተኛው ዙር 7 ሰዓት ሲሆን፣ ሁለትም ይሁን ባዶ፣ በሩን ስቤ «ሳበው!» እላለሁ።